ጥቁር ፀጉር ላይ ኦምብሬና ከለር ሜልት በቤት፦ 20 ወይስ 40 ቮልዩም?

ጥያቄ፦ «ፀጉሬ ጥቁርና ወፍራም ነው፣ ከትከሻዬ ያልፋል፣ ቀለም ነክቶት አያውቅም። ጫፉን ካራሜል ማድረግ ፈልጌ ብሊች ልገዛ ነው። ጓደኛዬ ለጥቁር ፀጉር 40 ካልሆነ አይነሳም ትለኛለች፣ ሻጩ ደግሞ 20 ይበቃል አለኝ። የቱን ልያዝ? ተቆርጦ የተቀጠለ የሚመስል መስመር ሳይፈጠርስ እንዴት ነው የሚዋሃደው?»

ምላሽ፦

20ውን ግዢ። 40 ቤት ውስጥ ለሚሠራ ኦምብሬ አያስፈልግም፤ 30ም ቢሆን በሙከራ ዘለላ ላይ 20ው እንዳልበቃ በዓይንሽ ካላየሽ በቀር አትያዢው። ሁለቱ ጥያቄዎችሽ ደግሞ አንድ ናቸው። መስመሩ እንዲጠፋ የሚያደርገው ተረጋግቶ የመቀባት ጊዜ ነው፤ ያንን ጊዜ የሚሰጥሽ ወይም የሚነጥቅሽ የኦክስጅኑ ቁጥር ነው።

ዲቨሎፐር ወይም ኦክስጅን የሚባለው ፈሳሽ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ነው። 10 ቮልዩም 3 በመቶ፣ 20ው 6 በመቶ፣ 30ው 9 በመቶ፣ 40ው 12 በመቶ ይይዛል። ፀጉሩን የሚያነጣው ግን እሱ ብቻውን አይደለም። የብሊች ዱቄቱ ውስጥ ፐርሰልፌት የሚባሉ ጨዎችና አልካላይ ንጥረ ነገሮች አሉ። አልካላዩ የፀጉሩን ቅርፊት አሳብጦ ይከፍታል፣ ፐሮክሳይዱና ፐርሰልፌቱ ገብተው ሜላኒኑን ይሰባብራሉ። ከሥራው ትልቁን ድርሻ ዱቄቱ ስለሚሸከም 20 ቮልዩም ከጥሩ ዱቄት ጋር ጥቁር ፀጉርን ብርቱካናማና ከዚያም በላይ ማድረስ ይችላል። ቁጥሩ ከፍ ሲል በዋናነት የሚጨምረው ፍጥነቱ ነው፤ ከፍጥነቱም ጋር ጉዳቱ። ፐሮክሳይዱ ሜላኒኑን ለይቶ አይመታም፤ ለፀጉሩ ጥንካሬ የሚሰጡትን የሰልፈር ትስስሮችም አብሮ ይበጥሳል።

አሁን ራስሽን በሥራው ላይ አስቢው። ወፍራም ፀጉርን ቤት ውስጥ ብቻዋን የምትቀባ ሰው ከመጀመሪያው ዘለላ እስከ መጨረሻው 40 ደቂቃ ሊፈጅባት ይችላል። በ40 ቮልዩም ከሆነ፣ የፊቱን ስትቀቢ የኋላው ቀድሞ ገስግሶ ቢጫ ላይ ይደርሳል፣ የፊቱ ገና ቀይ ቡናማ ነው። ብርቱካናማው ወደ ቢጫ የሚሻገርበት ጊዜም በጣም ያጥራል፤ የቱጋ ላቁም ብለሽ ሳትወስኚ ያልፍሻል። በ20 ግን ለውጡ ቀስ ስለሚል ዘለላዎቹ ተቀራርበው ይሄዳሉ፣ የምትፈልጊው ቀለም ላይ ስትደርሺም ለማስቆም ጊዜ ይኖርሻል።

ደግሞ ካራሜል ብዙ ማንጣት አይጠይቅም። ባለሙያዎች የፀጉርን ጥቁረት ከ1 እስከ 10 በደረጃ ይለካሉ፤ 1 ድቅድቅ ጥቁር፣ 10 እጅግ ነጣ ያለ ብሎንድ ነው። የተፈጥሮ ጥቁር ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ 1 ወይም 2 ላይ ነው። ሲነጣ መጀመሪያ ቀይ ቡናማ ይሆናል፣ 5 አካባቢ ቀይ ብርቱካናማ፣ 6 ላይ ብርቱካናማ፣ 7 ላይ ወርቃማ ብርቱካናማ፣ 8 ላይ ቢጫ። ብርቱካናማው የሚታየው ጥቁሩ ሜላኒን ቀድሞ ስለሚፈርስና ቀዩ ወደ ኋላ ስለሚቀር ነው እንጂ ሥራው ስለተበላሸ አይደለም። ለካራሜል መድረስ ያለብሽ 7 ነው፣ ጠቆር ያለ ካራሜል ከወደድሽ 6ም ይበቃል። ብዙ ሰው ብርቱካናማውን ሲያይ ደንግጦ እስከ ቢጫ ይገፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ያንን የሞቀ መሠረት መልሶ በቀለም መሙላት ግድ ይሆናል። ለካራሜል ብርቱካናማው ራሱ መሠረቱ ነው፣ ጠብቂው።

ከመግዛትሽ በፊት ያልጠቀስሽውን አንድ ነገር እርግጠኛ ሁኚ። ፀጉርሽ በሪላክሰር የተለሰለሰ ከሆነ፣ በተለይ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም በጓኒዲን፣ በላዩ ብሊች አታድርጊ። ትስስሮቹ አንዴ ስለተነኩ በማንኛውም ቁጥር ሊበጠስ ይችላል፤ ሪላክስ የተደረገው ክፍል አድጎ እስኪቆረጥ መጠበቅ ነው ያለው። ሂና የተቀባ ከሆነም ተጠንቀቂ፤ አንዳንድ «ሂና» ተብለው የሚሸጡ ድብልቆች የብረት ጨው ስላለባቸው ከፐሮክሳይድ ጋር ሲገናኙ ይሞቃሉ፣ ሊጨሱም ይችላሉ። የዘለላው ሙከራ ይህንንም ያሳይሻል።

ሙከራው እንዲህ ነው። ከማጅራትሽ በላይ፣ ከሥር ከተሸፈነው ፀጉር፣ የእርሳስ ውፍረት ያላት ዘለላ ለይተሽ በክር እሰሪያት፤ ከጨከንሽ ቆርጠሽም መሥራት ትችያለሽ። 6 ግራም ዱቄት ከ9 ሚሊ ሊትር 20 ቮልዩም ጋር ቀላቅለሽ የመጨረሻዋን 10 ሴንቲ ሜትር በደንብ አርሺ፣ በፎይል አጥፈሽ ሸፍኚ። በ15፣ በ30 እና በ45 ደቂቃ በእርጥብ ጥጥ ጥቂት ቦታ ጠርገሽ ቀለሙን መዝግቢ። ድብልቁ ዘለላው ላይ ቢሞቅ ወይም የተቃጠለ ነገር ቢሸት ወዲያው ታጥቦ ይቁም፤ ያ ፀጉር ለብሊች አይሆንም። ካለቀ በኋላ አጥበሽ እርጥቡን በሁለት ጣት ያዢና በቀስታ ሳቢው። ጥቂት ተስቦ ከተመለሰ ደህና ነው። እንደ ላስቲክ ተስቦ ካልተመለሰ ወይም ከተበጠሰ፣ ያ ጊዜ ለፀጉርሽ በዝቷል ማለት ነው።

ለምሳሌ የአንቺን የመሰለ ፀጉር በ15 ደቂቃ ቀይ ቡናማ፣ በ30 ብርቱካናማ፣ በ45 ወርቃማ ብርቱካናማ ሆኖ፣ ሲሳብም ከተመለሰ መልሱ ተገኝቷል፦ 20 ቮልዩም፣ ወደ 45 ደቂቃ። በ30 ደቂቃ ወርቃማ ላይ ከደረሰ ደግሞ ፀጉርሽ ቶሎ የሚነጣ ነው፣ 20ውን በአጭር ጊዜ ትሠሪበታለሽ። በ45 ደቂቃም ቀይ ብርቱካናማ ላይ ከቆመ ሁለት መንገድ አለ፦ ወይ ያንኑ 20 በሁለት ዙር፣ በመካከሉ ቢያንስ 2 ሳምንት ሰጥቶ መሥራት፣ ወይ ጫፉ ላይ ብቻ 30 መጠቀም። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። 30 ከመረጥሽ በ30ው እንደገና ሌላ ዘለላ ሞክሪ፤ የ20ው ሰዓት ለ30 አይሠራም። ሳሎን ውስጥ ሳይሸፍኑ በብሩሽ ሲቀቡ 30 ሲጠቀሙ አይተሽ ይሆናል፤ ክፍት የተተወ ብሊች እየደረቀ ጉልበቱ ስለሚቀንስ ነው። አንቺ በፕላስቲክ ስለምትሸፍኚው ያ ምክንያት የለሽም።

ከሥራው 48 ሰዓት በፊት በኋላ የምትቀቢውን ቀለም በጥቂቱ ክንድሽ መታጠፊያ ላይ ሞክሪ። ፐርሰልፌት ቆዳንም ሳንባንም ሊያስቆጣ ይችላል፤ አስም ካለብሽ ወይም ከዚህ ቀደም ብሊች አሳክኮሽ ከሆነ ቤት ውስጥ አትሥሪው። መስኮት ክፍት ይሁን፣ ጓንት አድርጊ፣ ሳህኑ ፕላስቲክ እንጂ ብረት አይሁን። የተረፈ ድብልቅ በጠርሙስ ከድነሽ አታስቀምጪ፤ ጋዝ ስለሚያወጣ ዕቃውን ሊያፈነዳው ይችላል።

ለመጠኑ፣ ከጫፍ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ለምታነጪው ወፍራም ፀጉር በድምሩ 60 ግራም ዱቄትና 90 ሚሊ ሊትር 20 ቮልዩም ይበቃል። ሬሾው 1 ለ 1.5 ነው፤ ማሸጊያው ሌላ ካዘዘ እሱን ተከተይ። በሚዛን መዝኚ፣ የማንኪያ ግምት ዱቄት ላይ በጣም ይለያያል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትቀላቅዪ፤ ድብልቁ ከተሠራ ጀምሮ እየደከመ ይሄዳል። ለኋላው 30 ግራም በ45 ሚሊ፣ እሱ ሲያልቅ ለፊቱ ሌላ 30 በ45። እንደ እርጎ ወፈር ብሎ ብሩሹ ላይ የሚቆም መሆን አለበት፤ ከቀጠነ ወደ ላይ ይሳባል፣ ወደ ታችም ይንጠባጠባል፣ ያልፈለግሽው ቦታ ላይ ነጠብጣብ ይሠራል።

ፀጉሩ ደረቅና ከቅባት የጸዳ ይሁን። ጠጉር ጥቅልል ከሆነ አንድ ነገር ልብ በዪ፦ የት እንደምትጀምሪ የምትወስኚው ፀጉሩ በተፈጥሮው ተጠቅልሎ በቆመበት እንጂ ተስቦ አይደለም። ተስቦ ሲለካ አገጭ ላይ የነበረው መጀመሪያ፣ ሲጠቀለል ጆሮ ላይ ይወጣል። በመስታወት እያየሽ በትንንሽ መያዣ ምልክት አድርጊ፣ ከዚያ ለመሥራት ልትስቢው ትችያለሽ።

በአራት ክፈይው፤ ከግንባር እስከ ማጅራት አንድ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ አንድ መስመር። ከኋላ ከታች ጀምሪ። 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዘለላ ውሰጂና ጫፉን ይዘሽ በማበጠሪያ ወደ ሥሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ግፊ። አጫጭሮቹ ወደ ላይ ይሰበሰባሉ፣ እጅሽ ላይ የሚቀሩትን ነው የምትቀቢው። ይህ መግፋት ለመዋሃዱ ከሁሉም በላይ ይሠራል፤ ዘለላው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ፀጉር የሚነጣበት ከፍታ ስለሚለያይ ዓይን የሚይዘው መስመር አይኖርም። ከዚያ ጫፉን ከላይም ከታችም በደንብ አርሺ። ወደ መጀመሪያው ስትቃረቢ ብሩሹን አግድም መያዝ ትተሽ አቁመሽው፣ በተረፈው ጥቂት ብሊች ብቻ ወደ ላይ እያነሳሽ ላባ በሚመስል ሰረዝ ጨርሺ። ብሩሽ በአግድም ሲያልፍ መስመር ይተዋል፣ የአብዛኛው የቤት ኦምብሬ ችግር የሚጀምረው እዚህ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ዘለላዎችንም በአንድ ከፍታ አትጀምሪ፤ አንዱ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ፣ ቀጣዩ ዝቅ ይበል። ፊት ያሉት ሁለቱ ከኋላው ጥቂት ከፍ ቢሉ ያምራል።

የተቀባውን በፕላስቲክ መጠቅለያ ሸፍኚ፣ ሙቀት ግን አትጨምሪበት። ሰዓቱን ከእያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያ ቁጠሪ፤ ኋላው ቀድሞ ስለገባ ቀድሞ ይታጠባል። ከ15 ደቂቃ ጀምሮ በየ5 ደቂቃው አንድ ቦታ ጥረጊና በነጭ ወረቀት ላይ አድርገሽ እዪ፤ ብሊቹ በላዩ እያለ ከእውነቱ ነጥቶ ይታያል። የደረቀ ቦታ ካገኘሽ ሥራውን አቁሟል፣ ትኩስ ድብልቅ ቀቢበት። ጫፉ ወርቃማ ብርቱካናማ ሊሆን 15 ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ ጥቂት 10 ቮልዩም ድብልቅ አዘጋጂና በላባው ሰረዝ ላይ፣ ካቆምሽበት 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለሽ፣ እንዲሁ ቀጠን አድርገሽ አስነኪው። ያ ክፍል ቀይ ቡናማ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ለጥቁሩና ለካራሜሉ ድልድይ ይሆናል። አንድ ቁጥር ብቻ ከሚሠራው ይህ በጣም የተሻለ ሽግግር ይሰጣል። የዱቄቱ አምራች ከሚፈቅደው ጊዜ ግን አትለፊ፣ አብዛኛውን ጊዜ 45 ወይም 50 ደቂቃ ነው። ለብ ባለ ውኃ እስኪጠራ አጥበሽ በሻምፑ ጨርሺ፣ በፎጣ አድርቂው።

እስካሁን ያለው ኦምብሬው ነው። ሜልቱ፣ ማለትም ቀለሞቹ አንዱ ወደ ሌላው ቀልጠው እንዲዋሃዱ ማድረጉ፣ የሚሠራው አሁን፣ አሞኒያ በሌለውና በመታጠብ ቀስ በቀስ በሚለቅ ዴሚ ፐርማነንት ቀለምና አብሮት በሚሸጠው ደካማ ኦክስጅን ነው። ሦስት ሳህን አዘጋጂ፦ ለድልድዩ ደረጃ 4 ተፈጥሯዊ ቡናማ 20 ግራም ክሬም፣ ለመሃሉ 5.3 ወይም 6.3 በ30 ግራም፣ ለጫፉ 7.3 በ40 ግራም። ኦክስጅኑን በማሸጊያው ሬሾ ጨምሪ። በብዙ አምራቾች አቆጣጠር ከነጥቡ በኋላ ያለው 3 ወርቃማ፣ 1 ደግሞ አሽ የሚባለው ግራጫማ ነው፤ የገዛሽውን ምርት ሠንጠረዥ አረጋግጪ። የነጣ ፀጉር ቀዳዳ ስለሚበዛው ቀለምን ጠልቆ ይይዛል፤ በሁለት ቀለም መካከል ከተወላወልሽ ነጣ ያለውን ምረጪ።

ሥርሽን አትቀቢም፣ ጥቁሩ እንዳለ ይቆያል። ደረጃ 4ን የነጣው ከሚጀምርበት 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለሽ ጀምረሽ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውረጂ። መሃለኛውን ከሱ በታች ቀቢና ሁለቱ በሚገናኙበት 3 ሴንቲ ሜትር ላይ አደራርቢ። ጓንትሽን ጠርገሽ መገናኛውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘሽ እያሸሽ ወደ ታች ብቻ ሳቢው፣ ሦስት አራት ጊዜ። ወደ ላይና ወደ ታች ካመላለስሽው ጠቆር ያለው ወደ ነጣው ይወርድና ሁሉም አንድ ቡናማ ይሆናል። ከመሃሉ ወደ ጫፉም እንዲሁ። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ብሩሽ ይኑረው። ጫፉን በመጨረሻ የምትቀቢው ቶሎ ስለሚይዝ ነው፤ ከ5 ደቂቃ ጀምረሽ እዪው፣ ብዙ ጊዜ 10 ይበቃዋል። ድልድዩ እስከ 20 ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ጫፉ ቀድሞ ከደረሰ ጫፉን ብቻ ሳህን ውስጥ ነክረሽ ማጠብ ትችያለሽ።

ሊበላሹ የሚችሉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፣ በመልካቸውም ይለያሉ። ካራሜሉ አረንጓዴ ወይም ጭቃማ መስሎ ከወጣ አሽ ቀለም ቢጫ በሆነ ፀጉር ላይ ወድቋል፤ በሰማያዊ ላይ የቆመ ቀለም ከቢጫ ጋር አረንጓዴ ይሰጣል። በላዩ ሌላ አሽ አትጨምሪ፤ ወርቃማ ወይም መዳብማ ቀለም በደካማ ኦክስጅን ለጥቂት ደቂቃ ያስተካክለዋል። ቶነሩ፣ ማለትም ከብሊች በኋላ የቀባሽው ቀለም፣ ጭራሽ ያልያዘ ከመሰለሽ ምናልባት ፀጉርሽ 6 ላይ ሆኖ አንቺ ለ9 የተሠራ ቶነር ቀብተሻል። ቶነር ፀጉርን አያነጣም፣ የደረስሽበትን ደረጃ ቀለም ያስተካክላል እንጂ። ብርቱካናማው ከመጠን በላይ ከጮኸብሽ በዚያው ደረጃ ሰማያዊ መሠረት ያለው ጥቂት ቀለም ከ7.3ው ጋር መቀላቀል ይበቃል፤ ሐምራዊ ሻምፑ የሚሠራው ለቢጫ እንጂ ለብርቱካናማ አይደለም።

መስመር ከታየሽ ደግሞ እንደገና ወደ ብሊች አትሩጪ። የተቆረጠ የመሰለው ጥቁሩና ብርቱካናማው ያለ መካከለኛ ቀለም ስለተገናኙ ነው። 5.3ውን በደረቅ ፀጉር ላይ፣ ከመስመሩ 1 ሴንቲ ሜትር በላይና 4 ሴንቲ ሜትር በታች፣ ብሩሹን አቁመሽ ከዘለላ ዘለላ ከፍታውን እየቀያየርሽ ቀቢውና ወደ ታች አሺው፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ ይታጠብ። በዚህ ካልጠፋ ከ2 ሳምንት በኋላ ከመስመሩ በላይ ካለው ጥቁር ፀጉር ላይ ክር መሳይ ቀጫጭን ዘለላዎችን እየለየሽ፣ ቀድሞ የነጣውን ሳትነኪ፣ በ20 ቮልዩም ቀይ ቡናማ እስኪሆኑ ብቻ አንሺያቸው። ዴሚው ከብዙ መታጠብ በኋላ ሲለቅ የምታድሺው የመሃሉንና የጫፉን ቀለም ነው፤ ብሊቹ ያደረሰውን ደረጃ ስለያዘ ዳግም ማንጣት አያስፈልገውም።